የተላከ ዘር የተሸጠ ዘር አይደለም



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ዘር አባዢ ማኅበር የማሽላ ዘር ጭኖ ቆቦ ላለ ወኪል ሻጭ ይልካል። ወኪሉ ለገበሬው እየሸጠ ይቆይና “ይህን ያህል ሸጫለሁ፣ ይህን ያህል ቀርቷል” የሚል መግለጫ ይልካል። በዚያ ቀን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ምን ይጻፋል? በወኪሉ መዝገብ ላይስ? መልሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ የማኅበራት ሂሳብ የሚበላሸው፣ ብዙ ማኅበርና ወኪልም የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። እኔ የማምንበትን ገና ከመነሻው ልናገር። ሽያጩ የሚፈጸመው መኪናው ከመጋዘን ሲወጣ አይደለም፤ ገንዘቡ ባንክ ሲገባም አይደለም። የሚፈጸመው ቆቦ ላይ ገበሬው ከረጢቱን ሲረከብ ነው። ሌላው ምዝገባ ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

በመጀመሪያ ዘር በአደራ የሚላከው ለምን እንደሆነ እንይ፤ ምክንያቱ ከዚህ ቆላ ዝናብ ጋር የተያያዘ ነውና። በራያ ሜዳ ማሽላ ዋናው እህል ነው። ዝናቡ በሚያዝያ ቀደም ብሎ ከጣለ ገበሬው የራሱን ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ፣ ጅጉርቲውንና ደጋለቱን፣ ይዘራል። ያ ዝናብ ከቀረ ወይም የተዘራው ከደረቀ ግን ሐምሌን ይጠብቃል። ያኔ በቀረው አጭር ክረምት የሚደርስ ዘር ያስፈልገዋል። ከስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ምስክርና ግራና አንድ ያሉት ዝርያዎች፣ ከመልካሳ የወጣው መልካም የሚባለውም ጭምር፣ የሚፈለጉት በዚህ ጊዜ ነው። ማሳው በአቀንጭራ የተያዘበት ገበሬ ደግሞ አቀንጭራን የሚቋቋሙትን፣ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉትን፣ ይጠይቃል።

እንግዲህ የቆቦው ነጋዴ በግንቦት ላይ ሆኖ ስንት ከረጢት አጭር ዘር እንደሚሸጥ በምን ያውቃል? አያውቅም። በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ቢያስቀምጥና ገበሬው በሚያዝያ የዘራው ጅጉርቲ ሳይደርቅ ቢዘልቅ፣ ዘሩ በእጁ ይቀራል። ስለዚህ አይገዛም። ዘር አባዢውም ዘሩን ወልድያ ወይም ስሪንቃ አስቀምጦ ቢጠብቅ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ዝናቡ ሲጥል ገበሬው ጋ በሁለት በሦስት ቀን ማድረስ አይችልም። ዘሩ አስቀድሞ ቆቦ መገኘት አለበት፤ ነጋዴው ግን ኪሳራውን መሸከም አይችልም። በአደራ መላክ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። ዘሩ ነጋዴው ጋ ይቀመጣል፤ ባለቤትነቱና ኪሳራው ላኪው ዘንድ ይቆያል፤ ነጋዴው በሸጠው ልክ ኮሚሽን ይወስዳል።

በአገራችንም ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ቀድሞ የዘር ፍላጎት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል እየተሰበሰበ፣ ዘሩም በዚያው መንገድ ይመለስ ነበር። ቀጥታ የዘር ግብይት የሚባለው በአማራ ክልል በ2003 ዓ.ም. በተለይ በድቅል በቆሎ በሙከራ ሲጀመር፣ ዘር አምራቾች በወረዳ ላይ ወኪል ይዘው ዘራቸውን በራሳቸው ኃላፊነት ለገበሬው መሸጥ ጀመሩ። ያልተሸጠው ወደ አምራቹ ይመለሳል። ያልተሸጠ ዘር ባለቤቱ ማን እንደሆነ የታወቀው ያኔ ነው። መዝገባችን ግን ይህን ለውጥ በየቦታው እኩል አልተከተለም።

አንድ ርክክብ እውነት የአደራ ሽያጭ መሆኑን ለማወቅ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ወኪሉ ለገበሬው እስኪሸጥ ድረስ ዘሩ የላኪው ነው ይላል? ሁለተኛ፣ ላኪው በፈለገ ጊዜ ዘሩን ማስመለስ ወይም ለምሳሌ ሮቢት ላለ ሌላ ወኪል እንዲተላለፍ ማዘዝ ይችላል? ሦስተኛ፣ ወኪሉ ያልሸጠውን ዘር ዋጋ የመክፈል ግዴታ የለበትም? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ በአደራ የተላከ ነው። ወኪሉ ማስያዣ ገንዘብ ቢያስይዝም ይህ አይለወጥም፤ ማስያዣው ለላኪው ዕዳ እንጂ ሽያጭ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 847 ተግባራዊ እንዲሆኑ ያደረጋቸው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ በተለይ ደረጃ ቁጥር 15፣ የሚጠይቁት እነዚህኑ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በወጣው ደረጃም ውጤቱ አይለይም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2234 ጀምሮ የኮሚሽን ወኪልን ሲገልጽ፣ በራሱ ስም ግን ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሸጥ ሰው ይለዋል። ስለዚህ ወኪሉ ደረሰኙን በራሱ ስም ስለቆረጠ ዘሩ የእሱ ነበር ማለት አይደለም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኋቸው እኔ ነኝ፤ የዘንድሮ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። ግብሩንም ለጊዜው ትቼዋለሁ። አንድ ዘር አባዢ ማኅበር በግንቦት ወር 400 ከረጢት የማሽላ ዘር ቆቦ ላለ ወኪል ላከ። ከረጢቱ 10 ኪሎ ነው፤ በመስመር ለሚዘራ ለአንድ ሄክታር ያህል ይበቃል። ማኅበሩ ጋ የአንዱ ከረጢት ወጪ 600 ብር ነው። የመሸጫ ዋጋው ላኪው የወሰነው 900 ብር ሲሆን ወኪሉ ከሸጠው 5 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል።

ዘሩ በተጫነበት ቀን ማኅበሩ ሽያጭ አይመዘግብም። የሚመዘግበው ዕቃው ቦታ መቀየሩን ብቻ ነው። “በቆቦ ወኪል እጅ ያለ ዘር” የሚባል ሂሳብ ይከፍትና 240,000 ብር ዴቢት ያደርጋል፤ የመጋዘኑን ክምችት በዚያው ልክ ክሬዲት ያደርጋል። ለመኪናና ለጭነት 8,000 ብር ከከፈለ ይህንም ወደ ወጪ አይወስደውም። ዘሩን ገበሬው ሊገዛው ወደሚችልበት ቦታ ያደረሰ ወጪ የዘሩ ዋጋ አካል ነው። ስለዚህ በቆቦ ወኪል እጅ ያለ ዘር ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 8,000 ይሆናል። በዚህ ቀን ከወኪሉ የሚሰበሰብ አንድም ብር የለም። ወኪሉ ለዘሩ የፈረመው የርክክብ ሰነድ የአደራ ማስረጃ ነው፤ የዕዳ ማስረጃ አይደለም።

ቀኑ ሰኔ 30 ደረሰ። ወኪሉ መግለጫውን ላከ። ከ400 ከረጢት 240 ሸጧል፤ 160 ቀርቷል። የሽያጩ ጠቅላላ 216,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ኮሚሽኑን 10,800 ብር ይቀንሳል። ዘሩ ቆቦ ሲደርስ ለማራገፊያ የከፈለውን 2,000 ብርም ይቀንሳል። ለላኪው የሚገባው 203,200 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 180,000 ብር በባንክ አስገብቶ ማስረጃውን አያይዟል። 23,200 ብር በእጁ ነው።

እዚህ ላይ ማኅበሩ የሚያደርጋቸውን ምዝገባዎች አንድ በአንድ ልናገር፤ ወረቀት የያዛችሁ ጻፉ።

በመጀመሪያ ሽያጩ፤ ወኪሉ ዴቢት 216,000፣ የዘር ሽያጭ ገቢ ክሬዲት 216,000። ሙሉው ይጻፋል። ገበሬው የከፈለው 900 ብር ነው፤ የተሸጠውም የማኅበሩ ዘር ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ ገቢ 900 ብሩ በሙሉ ነው።

ቀጥሎ ኮሚሽኑ፤ የኮሚሽን ወጪ ዴቢት 10,800፣ ወኪሉ ክሬዲት 10,800። ኮሚሽን የሚመጣው ስለተሸጠው ብቻ ስለሆነ የመሸጫ ወጪ ነው፤ በቀሪው ዘር ዋጋ ላይ አይጨመርም።

ከዚያ ማራገፊያው፤ በቆቦ ወኪል እጅ ያለ ዘር ዴቢት 2,000፣ ወኪሉ ክሬዲት 2,000። ልብ በሉ፤ ማራገፊያው የተከፈለው ለ400ውም ከረጢት ነው። በተሸጡት 240 ላይ ብቻ መጫን ስሕተት ነው። እንደ መኪናው ኪራይ ሁሉ የዘሩ ዋጋ ውስጥ ይገባል።

አሁን ቆቦ የደረሰው ዘር ጠቅላላ ዋጋ 240,000 ሲደመር 8,000 ሲደመር 2,000፣ 250,000 ብር ሆነ። ለ400 ሲካፈል አንዱ ከረጢት 625 ብር ነው። የተሸጡት 240 ከረጢቶች ወጪ 150,000 ብር ይመጣል። ስለዚህ የተሸጠ ዘር ወጪ ዴቢት 150,000፣ በቆቦ ወኪል እጅ ያለ ዘር ክሬዲት 150,000።

በመጨረሻ የገባው ገንዘብ፤ ባንክ ዴቢት 180,000፣ ወኪሉ ክሬዲት 180,000።

ምዝገባው ሲያልቅ ሁለት ሂሳቦች ክፍት ይቆያሉ። በቆቦ ወኪል እጅ ያለ ዘር 100,000 ብር ያሳያል፤ ይህም 160 ከረጢት በ625 ብር ነው። ወኪሉ ደግሞ 23,200 ብር ያሳያል፤ ይህ ተሰብሳቢ ነው። ትርፉ 216,000 ሲቀነስ 150,000 ሲቀነስ 10,800፣ 55,200 ብር ሆነ።

በወኪሉ መዝገብ ላይስ? 400ውን ከረጢት ሲረከብ ግዢ አይመዘግብም፤ ዘሩ የራሱ ክምችት ውስጥ አይገባም። በተለየ የአደራ ዕቃ መዝገብ ላይ በብዛት ብቻ ይጽፋል። ማራገፊያውን ሲከፍል ላኪውን ዴቢት 2,000፣ ጥሬ ገንዘብን ክሬዲት ያደርጋል። ሲሸጥ ጥሬ ገንዘብን ዴቢት 216,000፣ ላኪውን ክሬዲት ያደርጋል፤ የእሱ ሽያጭ አይደለምና። ኮሚሽኑን ሲወስድ ላኪው ዴቢት 10,800፣ የኮሚሽን ገቢ ክሬዲት። የወኪሉ ገቢ ይህ 10,800 ብር ብቻ ነው። ወኪሉ 216,000ውን የራሱ ሽያጭ አድርጎ ከመዘገበ ያላገኘውን ገቢ አገኘሁ ብሎ ለግብር ሰብሳቢው እያሳወቀ ነው። ገንዘቡን ሲልክም ላኪው ዴቢት 180,000፣ ባንክ ክሬዲት። የላኪው ሂሳብ በወኪሉ መዝገብ 23,200 ብር ዕዳ ያሳያል። በማኅበሩ መዝገብ ከወኪሉ የሚሰበሰበው፣ በወኪሉ መዝገብ ለማኅበሩ የሚከፈለው፣ አንድ ቁጥር ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ምዝገባ አለ።

በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው መኪናው ሲወጣ ሽያጭ መመዝገብ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው የርክክብ ሰነዱን እንደ ዱቤ ሽያጭ ያየዋል፤ ወኪሉን ዴቢት 360,000፣ ሽያጭን ክሬዲት 360,000 ያደርጋል፤ 248,000 ብሩን ወጪ ያደርጋል። ሰኔ 30 ላይ መዝገቡ 112,000 ብር ትርፍ ያሳያል። ትክክለኛው 55,200 ነበር። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ማኅበሩ ከትርፉ ለአባላቱ ያከፋፍላል። ገና ያልተሸጠ ዘር ላይ ትርፍ ተቆጥሮ ጥሬ ገንዘብ ከካዝና ይወጣል። ሐምሌ ላይ ዘሩ ሲመለስ የተከፋፈለው ገንዘብ አይመለስም። ይህን ስሕተት ለማወቅ አንድ ምልክት አለ፤ ከሰኔ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ “የሽያጭ ተመላሽ” የሚባለው ሂሳብ ድንገት ካበጠ፣ ባለፈው ዓመት የተመዘገበው ሽያጭ አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የተገላቢጦሹ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው የሚጠብቀው የባንኩን ማስረጃ ብቻ ነው። 180,000 ብር ሲገባ ባንክን ዴቢት፣ ሽያጭን ክሬዲት 180,000 ያደርጋል፤ መግለጫውን ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጥንቁቅ ይመስላል፤ የገባውን ነው የጻፈው። ነገር ግን ከ216,000 ብር ላይ 36,000 ብር ከመዝገቡ ጠፋ። ይህ 36,000 ምንድን ነው? 10,800 ኮሚሽን፣ 2,000 ማራገፊያ፣ 23,200 ብር ደግሞ በወኪሉ እጅ የቀረ የማኅበሩ ገንዘብ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ተሰወሩ። ኮሚሽኑ በውሉ መሠረት 5 በመቶ ይሁን 8 በመቶ ከመዝገብ ማወቅ አይቻልም። ከሁሉ የሚብሰው ግን 23,200ው በማንም ላይ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ዓመት የሂሳብ ሠራተኛው ቢቀየር ይህን ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ወኪሉ አደራ በላ ተብሎ የሚታማው ብዙ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ማስረጃ የለም፤ ወኪሉም ከፍሎ እንደሆነ ራሱን መከላከያ የለውም። ሙሉውን ሽያጭ መጻፍ ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን ታማኙን ወኪልም ይጠብቃል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የቀን ጉዳይ አለ። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በዚህ ቆላ ደግሞ የአጭር ጊዜ ማሽላ ዘር ገበያ የሚደምቀው በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ ነው። ስለዚህ የወኪሉ መግለጫ የደረሰበት ቀን ሳይሆን ሽያጩ የተፈጸመበት ቀን ነው የሚቆጠረው። መግለጫው ሐምሌ 12 ቢደርስም፣ በውስጡ ያሉት 240 ከረጢቶች እስከ ሰኔ 30 የተሸጡ ከሆነ ገቢው የሰኔ ነው። መግለጫው የሰኔንና የሐምሌን ሽያጭ ቀላቅሎ ከመጣ ለሂሳቡ አይጠቅምም፤ ከወኪሉ ጋር በስልክ ተነጋግሮ በደረሰኝ ቁጥር መለየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ውሉ ላይ “ወኪሉ እስከ ሰኔ 30 የሸጠውን ለብቻው ያሳውቃል” ብሎ መጻፍ ነው።

መግለጫው ግን የወኪሉ ቃል ነው። ቃሉን የምናረጋግጠው በቆጠራ ነው። ሰኔ 30 ወይም በማግስቱ ከማኅበሩ አንድ ሰው ቆቦ መጥቶ ከረጢቶቹን በዓይኑ መቁጠር አለበት። የሚያነጻጽረውም ይህን ነው፤ የተሸጠ፣ የተመለሰና የቀረ ሲደመር ከተላከው ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን 240 ሲደመር 160፣ 400 ነው፤ ገጠመ። ቆጠራው 156 ቢያሳይስ? አራቱ ከረጢቶች የት ገቡ? ወዲያው ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ደረሰኞቹን አገላብጡ። ሰኔ 29 የተቆረጠ የአራት ከረጢት ደረሰኝ ካለና መግለጫው ውስጥ ካልገባ፣ ያልተነገረ ሽያጭ ነው፤ 3,600 ብር ሽያጭ በሰኔ ተጨምሮ ይመዘገባል፤ ወኪሉም ኮሚሽኑን ያገኛል። ደረሰኝ ከሌለ ጉድለት ነው፤ የአራቱ ከረጢት ዋጋ 2,500 ብር ከክምችቱ ይወጣል። ወኪሉ ይክፈለው አይክፈለው የሚወሰነው በውሉ ነው፤ ቢከፍል እንኳ ኮሚሽን አይታሰብበትም፤ ለገበሬ የሸጠው የለምና። ከረጢቶቹን ስትቆጥሩ ማኅተማቸውንም እዩ። የተከፈተ ከረጢት በቁጥር አንድ ይሆናል፤ ለዘር ግን አይሸጥም።

አሁን ወደ ሐምሌ እንለፍ። ወኪሉ በሁለተኛው መግለጫ 110 ከረጢት ሸጫለሁ፣ 50 መልሻለሁ አለ። ሽያጩ 99,000፣ ኮሚሽኑ 4,950፣ የተሸጠው ወጪ 68,750 ብር ነው፤ ምዝገባው እንደ ፊተኛው ነው። አዲሱ ነገር የተመለሱት 50 ከረጢቶች ናቸው። መዝገብ ላይ ዋጋቸው 31,250 ብር ነው። ለመመለሻ መኪና 1,000 ብር ከተከፈለ ይህ በዘሩ ዋጋ ላይ አይጨመርም፤ ዘሩን ወደ ገበያ አላቀረበውም፣ ከገበያ አራቀው እንጂ። ወጪ ይሁን።

ከዚያ የመብቀል አቅሙ ይፈተሽ። ደረጃውን ካሟላ ለከርሞ ሊሸጥ ይችላልና ዋጋውን ይዞ ይቀመጥ። ካላሟላና በኬሚካል ያልታሸ ከሆነ እህል ሆኖ ይሸጣል፤ ከረጢቱ 350 ብር ያወጣል ብንል ከ625 ላይ 275 ብር፣ ለ50ው 13,750 ብር ይቀነሳል። በኬሚካል የታሸ ከሆነ ግን ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው፤ ዋጋው ዜሮ ነው። በምንም ምክንያት ወደ እህል ገበያ መውጣት የለበትም፤ 31,250ው በሙሉ ኪሳራ ሆኖ ይመዝገብ።

ይህ ኪሳራ የየትኛው ዓመት ነው? እዚህ ላይ የራያን ዝናብ የሚያውቅ የሂሳብ ሠራተኛ ከሌላው ይለያል። ዓመታዊው ሂሳብ ተዘጋጅቶ የሚጸድቀው ሰኔ 30 ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሐምሌው ውጤት በእጃችን እያለ ነው የምንዘጋው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዘሩ የማይሸጥበት ምክንያት ሰኔ 30 ላይ ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? ሚያዝያ ላይ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ገበሬው ጅጉርቲውን ዘርቶ ጨርሶ ከነበረ፣ ዘሩ ገዢ ማጣቱ ሰኔ 30 ላይ የነበረ እውነት ነው፤ ሐምሌ አሳወቀን እንጂ አልፈጠረውም። ስለዚህ 13,750ው ከተዘጋው ዓመት ትርፍ ላይ ይቀነሳል፤ 55,200ው 41,450 ይሆናል። በአንጻሩ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከተራራው የወረደ ጎርፍ የወኪሉን መጋዘን ገብቶ 50ውን ከረጢት ቢያበላሽ፣ ሰኔ 30 ላይ ዘሩ ደህና ነበር፤ ኪሳራው የአዲሱ ዓመት ነው።

ኪሳራ ካነሳን ባለቤትነትን መልሼ ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስንት መጋዘን እንደተዘረፈ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ቀን “የጠፋው የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ሰውን ያጣላል። በአደራ የተላከ ዘር ወኪሉ ሳያጠፋ፣ ከአቅሙ በላይ በሆነ ኃይል ቢጠፋ፣ ኪሳራው የላኪው ነው። አስቀድሞ በተሸጠው ዘር ገንዘብ ላይ ወኪሉ ያለበት ዕዳ ግን አይሰረዝም። ይህን ለመለየት የሚረዳው ከጥፋቱ በፊት በየጊዜው የተላከ መግለጫ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈረመበት መግለጫ 160 ከረጢት ቀርቷል ካለ፣ የጠፋው ከ160 አይበልጥም፤ ሌሎቹ 240 ከረጢቶች ገንዘብ ሆነዋል። መግለጫ ከሌለ 400ውም ጠፋ ማለት ይቻላል፤ 400ውም ተሸጧል ብሎ መክሰስም ይቻላል። ሁለቱም በደል ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዘር አባዢዎች፣ በመዝገባችሁ “በወኪል እጅ ያለ ዘር” የሚል ሂሳብ ለየወኪሉ ለብቻው ክፈቱ፤ ሽያጩን በጠቅላላው፣ ኮሚሽኑን በወጪነት፣ ቀሪውን ገንዘብ በወኪሉ ስም ጻፉ። ወኪሎች፣ የአደራውን ዘር ከራሳችሁ ሸቀጥ ለዩ፤ መግለጫችሁን በየአስራ አምስት ቀኑ ከነደረሰኝ ቁጥሩ ላኩ፤ ላኪው ባይጠይቃችሁም ላኩ። የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣ ትርፍ ይከፋፈል ከመባሉ በፊት በየወኪሉ እጅ ስንት ከረጢት እንደቀረ በቆጠራ የተደገፈ ወረቀት ጠይቁ። ያ ወረቀት ካልቀረበላችሁ በትርፍ ክፍፍሉ ላይ አትፈርሙ።